የኢንዳክሽን ማረጋገጫ እንዴት ይፈተሻል? መነሻውና ሽግግሩ የሚገናኙበትን ቦታ ፈልጉ

አንድ ሰው በኢንዳክሽን የተሠራ ማረጋገጫ ሰጥቷችኋል እንበል። የክፍል ጓደኛችሁ ሊሆን ይችላል፣ የምታርሙት ተማሪ ሊሆን ይችላል፣ ወይም ራሳችሁ ትናንት ማታ የጻፋችሁት። «n = 1 ሲሆን እውነት ነው» ይላል። «ለ k እውነት ነው እንበል» ይላል። ትንሽ አልጀብራ ይከተላል፣ መጨረሻ ላይ «ስለዚህ ለሁሉም n እውነት ነው» ተብሎ ይዘጋል። አልጀብራውን ስታዩት ልክ ነው። ማረጋገጫው ግን ውሸት ሊሆን ይችላል፣ ስህተቱም ብዙ ጊዜ አልጀብራው ውስጥ ሳይሆን መነሻውና ሽግግሩ የሚጋጠሙበት ቦታ ላይ ነው የሚደበቀው። ብዙ ሰው ሁለቱን ለየብቻ አይቶ «ሁለቱም አሉ» ብሎ ያልፋል። መገናኘታቸውን የሚያየው ጥቂት ነው።

መነሻ ስል ቤዝ ኬዝ የሚባለውን ነው። ሽግግር ስል ደግሞ ኢንዳክቲቭ ስቴፕ የሚባለውን፣ ማለትም ከ k ወደ k+1 የሚያሻግረውን ክፍል። «ለ k እውነት ነው እንበል» የሚለውን በአጭሩ ግምቱ እለዋለሁ።

1. የሚረጋገጠውን ነገር ሙሉ ዓረፍተ ነገር አድርጋችሁ ጻፉት

ማረጋገጫውን ከማንበባችሁ በፊት ወረቀቱ ጥግ ላይ «P(n) ማለት ይሄ ነው» ብላችሁ ጻፉ። P(n) እውነት ወይም ውሸት ሊባል የሚችል ነገር መሆን አለበት። «P(n) = n(n+1)/2» ብሎ የሚጀምር ወረቀት ካያችሁ እዚያው ቁሙ። n(n+1)/2 ቁጥር ነው፣ ቁጥር ደግሞ እውነትም ውሸትም አይሆንም። «ከ1 እስከ n ያሉት ቁጥሮች ድምር n(n+1)/2 ነው» ሲባል ነው የሚረጋገጥ ነገር የሚገኘው።

ከዚያ n ከየት ይጀምራል የሚለውን እዩ። ከ0? ከ1? ከ5? ይቺን ቁጥር ክበቧት። በኋላ እንፈልጋታለን።

2. መነሻውን አስሉት፣ «ግልጽ ነው» የሚለውን አትመኑ

ግራና ቀኙን ለየብቻ አስሉና አወዳድሩ። አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ለምን እንደምጨቀጭቃችሁ ይቺን ምሳሌ ካያችሁ ይገባችኋል። አንዱ መጥቶ «ከ1 እስከ n ያሉት ቁጥሮች ድምር (n² + n + 2)/2 ነው» አለን እንበል። ሽግግሩን እንይለት። ለ k ልክ ነው ብለን ከያዝን ቀጣዩን ቁጥር k+1ን እንደምርበታለን፦

(k² + k + 2)/2 + (k + 1) = (k² + 3k + 4)/2

አሁን ቀመሩ ላይ በ n ቦታ k+1 እናስገባ። ((k+1)² + (k+1) + 2)/2 ይሆናል፣ ሲዘረዘር እሱም (k² + 3k + 4)/2 ነው። ሁለቱ እኩል ናቸው። ሽግግሩ እንከን አይወጣለትም! n = 1 ላይ ግን ድምሩ 1 ነው፣ ቀመሩ የሚሰጠው ደግሞ 2። እንዲያውም ቀመሩ ለአንድም n ልክ አይደለም፣ ሁልጊዜ ከትክክለኛው በ1 ይበልጣል። ሽግግሩ ያቺን የ1 ስህተት ሳትጨምር ሳትቀንስ ከቁጥር ወደ ቁጥር እያሻገራት ነው።

ሌላም አለ። ጥያቄው «ለሁሉም n ≥ 0» ካለና መነሻው n = 1 ላይ ከተሠራ፣ 0 አልተረጋገጠም። ወደ ክበባችሁት ቁጥር ተመልሳችሁ አወዳድሩ።

3. ግምቱ የገባበትን መስመር ፈልጉ፣ አቅጣጫውንም እዩ

ሽግግሩ ውስጥ ግምቱ ሥራ ላይ የዋለው የቱ መስመር ላይ ነው? ጣታችሁን አስቀምጡበት። ካላገኛችሁት ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። ወይ ጸሐፊው ያለ ኢንዳክሽን በቀጥታ አረጋግጦታል፣ ያ ችግር የለውም። ወይ ደግሞ የሚረጋገጠውን ነገር ራሱን በዘዴ ከመጀመሪያው ይዞታል። ሁለተኛው ነው የሚበዛው።

ይሄ እንዴት ይሆናል? ጸሐፊው ለ k+1 ሊደርስበት የሚፈልገውን ድምዳሜ በመጀመሪያው መስመር ላይ ይጽፈዋል፣ ሁለቱን ጎን እያቃለለ ይወርዳል፣ መጨረሻ ላይ 0 = 0 ወይም ሌላ የታወቀ እውነት ሲያገኝ «ተረጋገጠ» ይላል። ከውሸት ተነስቶም እውነት ላይ መድረስ እንደሚቻል አትርሱ። 1 = 2 ብላችሁ ጀምሩ፣ ሁለቱንም በ0 አባዙ፣ 0 = 0 አገኛችሁ። ምንም አላረጋገጣችሁም።

እንዲህ ዓይነት ወረቀት ሲገጥማችሁ ከታች ወደ ላይ አንብቡት። ከመጨረሻው መስመር ተነስታችሁ በእያንዳንዱ «ስለዚህ» ወደ ላይ መውጣት ከቻላችሁ ማረጋገጫው ይድናል፣ ተገልብጦ ቢጻፍ ብቻ ይበቃዋል። አንድ ቦታ ላይ መውጣት ካልቻላችሁ፣ ለምሳሌ በ0 ተባዝቶ ወይም ሁለቱም ጎን ስኩዌር ተደርጎ ከሆነ፣ ችግሩ እዚያ ነው።

4. እያንዳንዱ መስመር ከስንት k ጀምሮ እንደሚሠራ በጎኑ ጻፉ

ዋናው ሥራ ይሄ ነው፣ እዚህ ላይ ረጋ እንበል። «ለሁሉም n ≥ 1፣ 2ⁿ > n² ነው» የሚል ማረጋገጫ ደረሰን እንበል። መነሻው n = 1 ነው፣ 2 > 1፣ እውነት። ሽግግሩ ደግሞ ይሄ፦

2ᵏ⁺¹ = 2·2ᵏ > 2k² ≥ (k+1)²

አጭር ነው፣ ያምራል። ምልክቶቹን አንድ በአንድ እንያቸው። የመጀመሪያው «=» ለማንኛውም k ይሠራል። ከሱ ቀጥሎ ያለው «>» ግምቱ የገባበት ቦታ ነው፣ 2ᵏ > k² ስላልን ሁለቱንም በ2 አባዛን። እሺ። የመጨረሻው «≥» ግን ከየት መጣ? 2k² ከ(k+1)² እንደሚበልጥ ማን ነገረን? ቁጥር እናስገባ። k = 1 ሲሆን 2 ≥ 4 ይላል፣ ውሸት። k = 2 ሲሆን 8 ≥ 9፣ አሁንም ውሸት። k = 3 ሲሆን 18 ≥ 16፣ እውነት። ከዚያ በኋላስ? 2k² ላይ (k+1)² ስንቀንስ (k−1)² − 2 ነው የሚቀረው፣ እሱም k = 3 ላይ 2 ነው፣ k ሲያድግም እያደገ ይሄዳል። ስለዚህ ይቺ ምልክት የምትሠራው ከ k = 3 ጀምሮ ነው።

አሁን ሁለት ቁጥር አለን። መነሻው 1 ላይ ነው። ሽግግሩ ደግሞ ከ3 ጀምሮ ነው። ከ1 ወደ 2፣ ከ2 ወደ 3 የሚያሻግር ነገር የለም። ክፍተቱ ይሄ ነው።

ክፍተቱን ካገኛችሁ በኋላ የሚቀረው ክፍተቱ ውስጥ ያሉትን ቁጥሮች በእጅ መሞከር ነው። n = 2 ላይ 4 > 4፣ ውሸት። n = 3 ላይ 8 > 9፣ ውሸት። n = 4 ላይ 16 > 16፣ ውሸት። n = 5 ላይ 32 > 25፣ እውነት! እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚምታታበት ነገር አለ። ሽግግሩ ከ3 ጀምሮ ልክ ከሆነ n = 4 ለምን ውሸት ሆነ? ምክንያቱም ሽግግሩ የሚለው «P(3) እውነት ከሆነ P(4) እውነት ነው» ብቻ ነው፣ P(3) ደግሞ እውነት አይደለም። የሚሻገር ነገር ከሌለ የሚያሻግር መኖሩ ምንም አይጠቅምም። ሁለቱም፣ ማለትም እውነት የሆነ መነሻና ከዚያ ጀምሮ የሚሠራ ሽግግር፣ አንድ ላይ የሚገኙት ከ5 ነው። ስለዚህ ትክክለኛው አባባል «ለሁሉም n ≥ 5» ነው፣ መነሻውም n = 5 ላይ መሠራት አለበት። n = 1 እውነት የሆነው ለብቻው ነው፣ ከሰንሰለቱ ጋር አይገናኝም።

5. ሽግግሩ ስንት እርምጃ ወደ ኋላ እንደሚጠራ ቁጠሩ

አንዳንድ ሽግግር k ላይ ብቻ አይቆምም፣ ወደ k−1 ወይም k−2 ይመለሳል። ያኔ አንድ መነሻ አይበቃም።

የ3 ሊትርና የ5 ሊትር ጀሪካን አለን እንበል። እያንዳንዱን ጢም አድርገን እየሞላን በርሜል ውስጥ እንገለብጣለን፣ የፈለግነውን ያህል ጊዜ። «8 ሊትርና ከዚያ በላይ የሆነ ማንኛውም ሙሉ ሊትር በዚህ መንገድ በትክክል ይገኛል» የሚል ማረጋገጫ ቀረበ። መነሻ፦ 8 = 3 + 5። ሽግግር፦ ከ8 እስከ k ያሉት ሁሉ ይገኛሉ እንበል፣ k+1 ሊትር ለማግኘት k−2 ሊትር አዘጋጁና አንድ የ3 ሊትር ጨምሩ። አለቀ።

አላለቀም። ሽግግሩ k−2ን ጠርቷል፣ ግምቱ ግን የሚናገረው ከ8 ወዲህ ስላሉት ብቻ ነው። k−2 ≥ 8 የሚሆነው k ≥ 10 ሲሆን ነው። 9 ሊትርን ለማረጋገጥ ሽግግሩ 6ን ይጠራል። 6 በአጋጣሚ በሁለት የ3 ሊትር ይገኛል፣ ግን ግምቱ ስለ6 ምንም አላለም። 10 ሊትርን ለማረጋገጥ ደግሞ 7ን ይጠራል፣ 7 ሊትር በነዚህ ጀሪካኖች ጨርሶ አይገኝም። 10 ግን ይገኛል፣ በሁለት የ5 ሊትር። አያችሁ፣ የተባለው ነገር እውነት ነው፣ ማረጋገጫው ግን የተሰበረ ነው። መልሱ ልክ ስለሆነ ብቻ ሙሉ ማርክ አትስጡ።

ጥገናው ቀላል ነው። ሦስት መነሻ ይጻፍ፦ 8 = 3 + 5፣ 9 = 3 + 3 + 3፣ 10 = 5 + 5። ከዚያ 11 ወደ 8 ይመለሳል፣ 12 ወደ 9፣ 13 ወደ 10፣ 14 ወደ 11፣ እያለ ይቀጥላል፣ ማንም ከ8 በታች አይወድቅም። ሽግግሩ ከሚረጋገጠው ቁጥር ሦስት ወደ ኋላ ስለሚሄድ ሦስት ተከታታይ መነሻ አስፈለገው። የፊቦናቺ ቁጥሮች ላይ የሚሠራ ማረጋገጫ አብዛኛውን ጊዜ ያለፉትን ሁለት ቁጥሮች ይጠራል፣ እሱ ላይ ሁለት መነሻ መኖሩን እዩ።

6. ሽግግሩን በትንሹ k በእጃችሁ አሂዱት

ከመነሻው ቀጥሎ ያለችውን የመጀመሪያዋን እርምጃ ፊደል ሳይሆን ቁጥር አስገብታችሁ ቃል በቃል ተከተሏት። የታወቀው የፈረሶቹ ቀልድ የሚጋለጠው በዚህ ነው። «በማንኛውም n ፈረሶች ስብስብ ውስጥ ሁሉም ፈረሶች አንድ ቀለም ናቸው» ይላል። መነሻ፦ አንድ ፈረስ ከራሱ ጋር አንድ ቀለም ነው። ሽግግር፦ k+1 ፈረሶችን አሰልፉ። የመጨረሻውን አውጡ፣ የቀሩት k ፈረሶች በግምቱ መሠረት አንድ ቀለም ናቸው። እሱን መልሱና የመጀመሪያውን አውጡ፣ አሁንም የቀሩት k ፈረሶች አንድ ቀለም ናቸው። መሃል ያሉት ሁለቱም ቡድን ውስጥ አሉ፣ ስለዚህ ሁሉም አንድ ቀለም ናቸው።

k = 1 እናስገባ። ሁለት ፈረስ አሰለፍን። የመጨረሻውን ስናወጣ የመጀመሪያው ብቻውን ቀረ። የመጀመሪያውን ስናወጣ ሁለተኛው ብቻውን ቀረ። መሃል ያለው የታል? የለም። ሁለቱን ቡድን የሚያገናኝ ፈረስ የለም። የሚገርመው k = 2 ላይ ሽግግሩ ልክ ነው፣ ሦስት ፈረስ ሲሰለፍ ሁለተኛው መሃል ላይ አለ። ከዚያ በላይም ሁሉም ልክ ነው። የተሰበረችው ከ1 ወደ 2 የምትወስደው አንዲት እርምጃ ብቻ ናት፣ እሷ ከተሰበረች ደግሞ ከ1 በላይ ምንም አይረጋገጥም። አንዳንዱ አስተማሪ ይሄንን ሲያስረዳ «ውጤቱ ውሸት መሆኑ ይታወቃል» ብሎ ያልፈዋል። ያ ግን መፈተሽ አይደለም፣ የተሰበረችውን እርምጃ በቁጥሯ መጥራት ነው መፈተሽ።

እንዲህ ያለ ስህተት የሚደበቅባቸውን ቦታዎች ዓይናችሁ ይልመዳቸው። «መሃል ያሉት»፣ «ከቀሩት አንዱን እንውሰድ»፣ «ሁለት የተለያዩ ነገሮች እንምረጥ» የሚሉ ሐረጎች ሲመጡ ትንሹ k ላይ እነዚያ ነገሮች በእርግጥ መኖራቸውን ጠይቁ። 1, 2, …, k የሚለው አጻጻፍ ላይ ያሉት ሦስት ነጥቦችም ተንኮለኛ ናቸው፣ k = 1 ሲሆን 2 የምትባል ነገር ዝርዝሩ ውስጥ የለችም።

7. ሽግግሩ ሁሉንም k+1 ያካትታል?

ስለ ቁጥር ሳይሆን ስለ ስብስብ፣ ስለ ኔትወርክ፣ ስለ ቅርጽ የሚናገር ማረጋገጫ ሲሆን አንድ ተጨማሪ ወጥመድ አለ። ይሄንን እዩ፦ «ቢያንስ ሁለት ሰው ባለበት ቡድን ውስጥ እያንዳንዱ ሰው ቢያንስ ከአንድ ሰው ጋር የሚተዋወቅ ከሆነ፣ ከማንም የተነሳ ወሬ በትውውቅ ብቻ ሁሉም ጋር ይደርሳል።» መነሻው ሁለት የሚተዋወቁ ሰዎች ናቸው፣ ልክ። ሽግግሩ ደግሞ «እንዲህ ያለ የ k ሰዎች ቡድን ውሰዱ፣ በግምቱ ወሬው ሁሉም ጋር ይደርሳል። አንድ አዲስ ሰው ጨምሩ፣ እሱም ቢያንስ አንድ ሰው ያውቃል፣ ስለዚህ ለእሱም ይደርሰዋል» ይላል።

አራት ሰዎች አስቡ፦ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ። ሀ እና ለ ይተዋወቃሉ። ሐ እና መ ይተዋወቃሉ። ሌላ ትውውቅ የለም። ሁሉም ቢያንስ አንድ ሰው ያውቃል፣ ግን የሀ ወሬ ሐ ጋር አይደርስም። ስለዚህ አባባሉ ውሸት ነው። ሽግግሩስ የት ሳተ? መነሻው ልክ ነው፣ ትንሹን k ብታስገቡም አይታወቅም፣ ከ2 ወደ 3 በትክክል ይሠራል። ችግሩ «አንድ ሰው ጨምሩ» የሚለው ላይ ነው። ይሄ የአራት ሰዎች ቡድን ሁኔታውን በሚያሟላ የሦስት ሰዎች ቡድን ላይ አንድ ሰው በመጨመር አይገኝም። መን ስታወጡት ሐ ማንንም የማያውቅ ሰው ሆኖ ይቀራል፣ ሌላውን ብታወጡም እንዲሁ ነው።

ስለዚህ «አንድ ጨምሩ» የሚል ሽግግር ባያችሁ ቁጥር ገልብጡት። ማንኛውንም k+1 አባላት ያሉትን ነገር ውሰዱ፣ አንድ አውጡ፣ የቀረው ሁኔታውን ያሟላል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ጸሐፊው ይሄንን ካላረጋገጠ ሽግግሩ አንዳንዶቹን ብቻ ነው የሚያካትተው።

8. ኮምፒውተር ካለ ትንንሾቹን ቁጥሮች ያሂድላችሁ

ከላይ ያየነውን 2ⁿ > n² በፓይተን እንዲህ ማየት ይቻላል፦

```python
for n in range(0, 11):
    print(n, 2**n > n**2)
```

0 እና 1 ላይ True፣ 2፣ 3 እና 4 ላይ False፣ ከ5 ጀምሮ እንደገና True ይላል። መነሻው የት መሆን እንዳለበት ወዲያው ይታያል። ይሄ ግን የሚጠቅመው ውሸትን ለመያዝ እንጂ እውነትን ለማረጋገጥ አይደለም። n² + n + 41 ከ n = 0 እስከ n = 39 ድረስ ሁልጊዜ ፕራይም ቁጥር ይሰጣል፣ እስከ 39 ብቻ ሞክሮ ያቆመ ሰው ሙሉ ሕግ ያገኘ ይመስለዋል። n = 40 ላይ 1681 ይመጣል፣ እሱም 41 × 41 ነው።

ስህተቱን ካገኛችሁ በኋላ ለጸሐፊው ስትጽፉለት «ኢንዳክሽኑ ልክ አይደለም» ብቻ አትበሉት፣ ምንም አይረዳውም። ቁጥሩን ስጡት። ለ2ⁿ ማረጋገጫ «የመጨረሻዋ ≥ ምልክት k = 1 እና k = 2 ላይ አትሠራም፣ n = 2 ላይ አባባሉ ራሱ ውሸት ነው፣ ከ5 ጀምር» በሉት። ለጀሪካኖቹ «9ን እና 10ን መነሻ ላይ ጨምር» ይበቃል። ለፈረሶቹ «k = 1 ላይ መሃል ማንም የለም»፣ ለትውውቁ ደግሞ አራቱን ሰዎች ሳሉለት። የመጨረሻዎቹን ሁለቱን ለመጠገን እንዳይደክም ጭምር ንገሩት፣ አባባሎቹ ራሳቸው ውሸት ናቸው።